ቢጫዋ እጅ

እናቴ ማንበብና መጻፍ አትችልም ነበር። በቤተሰባችን የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ግን ከሁላችንም በላይ ሳታቋርጥ የምትጽፈው እሷ ነበረች። ድምፅ ቀድታ መላክ አትወድም፤ «ብቻዬን የማወራ እብድ አስመሰላችሁኝ» ትላለች። ስለዚህ የወንድሜ ልጅ አንድ ቀን አጠገቧ ቁጭ ብሎ ኢሞጂ አስተማራት። የተጋጠሙትን እጆች ጫን አድርጎ ሲይዛቸው የቀለም ምርጫ ወጣ። «አያቴ፣ የትኛው ነው ያንቺ እጅ?» አላት። እጇን ከስክሪኑ ጎን አስጠግታ አስተያየችና ጠየሙን መረጠች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስልኳ ያንን ቀለም ያዘ።

በየጠዋቱ ከደብረ ማርቆስ የሚመጣው መልእክት ይህ ብቻ ነበር፦ 🙏🏾☕☕☕። አድሬአለሁ፤ እግዚአብሔር ይመስገን፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ።

ቀልድ አልነበረም። ከነሐሴ 2015 ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። ቤይሩት ሰው ቤት የምትሠራው እህቴ ያንን ጊዜ እንዴት እንዳሳለፈችው እሷና ፈጣሪ ያውቃሉ። ኔትወርኩ ሲመለስ «በየቀኑ አንድ ነገር ላኩልኝ፣ ነጥብም ብትሆን» አለችን። ነጥቧ ይህች ጠይም እጅ ሆነች።

እናታችን ስታርፍ እኔ አዲስ አበባ ነበርኩ። ማክሰኞ ማታ ነው ያረፈችው። እኔ ሌሊቱን ተነግሮኝ ጎህ ሳይቀድ መኪና ፍለጋ ወጣሁ። ለእህቴ ግን አልተነገራትም። የኛን አገር ሰው ለምን ብላችሁ አትጠይቁትም፤ መርዶ በስልክ አይነገርም። የሚያውቋት ሰዎች ተሰብስበው፣ በማለዳ፣ ቤቷ ድረስ ሄደው፣ ይዘዋት ነው የሚነግሯት። እህቴ ደግሞ ያለችው በአሠሪዎቿ ቤት ነው። ረቡዕ ብትሰማ የምታለቅሰው መታጠቢያ ቤት ተደብቃ፣ የሰው ሳህን እያጠበች ነው። እረፍቷ እሑድ ነው። ቤይሩት ያሉ የአገራችን ልጆች እሑድ ጠዋት ወስደው ሊነግሯት ተስማሙ።

እስከዚያ አራት ጠዋት አለ። ረቡዕ ዝም አልን። እሷም ጠየቀች። ወንድም ጋሼ «መብራት የለም» ብሎ መለሰላት። ከቀብር መልስ ለቅሶው ድንኳን ጥግ ጠራኝና «አንተ ኮምፒውተር ታውቃለህ፤ የእማዬን ነገር አንድ በለው» አለኝ። የእማዬ ስልክ ስክሪኑ በዚያ ሌሊት ግርግር ወድቆ ተሰብሯል። ሲም ካርዱን አውጥተን ሌላ ስልክ ላይ አደረግነው፤ አምስት አሃዙ ኮድ በአጭር መልእክት መጣ፤ በእኔ ስልክ ላይ የእሷን አካውንት ከፈትኩ። ከዚያ ቴሌግራም ባለው መልእክትን ቀጠሮ የማስያዝ አገልግሎት ለሐሙስ፣ ለዓርብና ለቅዳሜ ጠዋት ሦስት መልእክት አዘጋጀሁ። እጆቹን፣ ሦስቱን ሲኒ። ሥራዬ በዚህ ደረጃ ቀላል ስለነበር አፍሬም ኮርቼም ነበር።

ይህን በአጭር ልብ ወለድ መልክ ለመጻፍ የሞከርኩት ከዓመቱ በኋላ ነው። ተራኪ አይኖረውም፤ ያለው ግሩፑ ብቻ ነው። የመጀመሪያው ረቂቅ አልሆነልኝም። የሞቱ ነገር በነጭ ርግብ 🕊 እንዲገባ አድርጌ ነበር፤ ማንም ሰው ሦስተኛው መስመር ላይ ያውቀዋል። ሁለተኛው ላይ አክስቴን አስገብቼ የሚስቀውን ፊት 😂 ለለቅሶ እንድትልከው አደረግኳት። ይህም ሳቅ ብቻ ሆነ፤ ደግሞም ሰው ሁሉ የሰማው ቀልድ ነው። ችግሩ አንድ ነው። ምልክቱ ራሱ ትርጉም ካለው አንባቢው ትርጉሙን ይዞ ነው የሚመጣው። ታሪኩን የሚያዞረው ምልክት ግን በታሪኩ ውስጥ ካልሆነ በቀር ምንም ትርጉም የሌለው መሆን አለበት። አንባቢው እስኪለምደው፣ ለምዶም ማየት እስኪተው መደጋገም አለበት። ስለዚህ የሆነውን እንደሆነው ጻፍኩት፦

ሰኞ
06:42 እማዬ፦ 🙏🏾☕☕☕
06:50 እታለም፦ ❤️❤️ እንዴት አደርሽ እማ
07:15 ወንድም ጋሼ፦ ደህና ናት። ቤተ ክርስቲያን ስማ መጥታ ቡናዋን እየጠጣች ነው

ማክሰኞ
06:37 እማዬ፦ 🙏🏾☕☕☕
06:41 እታለም፦ ❤️❤️
19:20 ማሙሽ፦ እማዬን ትንሽ ብርድ መቷታል፣ ተኝታለች
19:22 እታለም፦ ዝንጅብል አፍሉላት። ጋቢውን ደርቡላት

ረቡዕ
09:05 እታለም፦ እማ?
09:31 ወንድም ጋሼ፦ መብራት የለም። ስልኳ ጠፍቶ ነው

ሐሙስ
06:40 እማዬ፦ 🙏☕☕☕
07:58 እታለም፦ ❤️❤️

ዓርብ
06:40 እማዬ፦ 🙏☕☕☕
06:41 እታለም፦ 🙏🏾

ቅዳሜ
06:40 እማዬ፦ 🙏☕☕☕
06:41 እታለም፦ 🙏🏾

እዚህ ላይ ያልቃል።

ሐሙስ ላይ እጇ ቢጫ ናት። የቆዳ ቀለሙ ምርጫ የሚቀመጠው ስልኩ ላይ ነው እንጂ አካውንቱ ላይ አይደለም። የእኔ ስልክ የእማዬን እጅ አያውቃትም። እኔም አላየሁትም፤ ለእኔ እጅ እጅ ነው። ሰዓቱንም አላየሁትም። እናቴ አንድ ቀን 06:42፣ አንድ ቀን 06:37 ነበር የምትልከው፤ ቡናው እንደፈላ። እኔ ሦስቱንም ቀን በ06:40 አሰለፍኳቸው። ይህን የሚያደርገው ማሽን ነው።

እህቴ ሐሙስ ጠዋት ለመመለስ አንድ ሰዓት ከአሥራ ስምንት ደቂቃ ፈጀባት። በሌላ ቀን ቢበዛ አሥር ደቂቃ ነው። ዓርብ ላይ ግን ልቡን ትታ የእናቷን እጅ፣ ጠይሟን፣ ላከችልን። እኛ «እማዬን መሰለች» ብለን አለፍነው። እሷ «አውቄአለሁ» ማለቷ ነበር። አላጋለጠችንም። ሊነግሯት የሚሄዱት ሰዎች እስኪደርሱ፣ ነገሩ በወጉ እስኪሆን ጠበቀችን። እሑድ ጠዋት የሄዱት ልጆች እንደነገሩን ጥቁር ለብሳ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ነበር የጠበቀቻቸው።

እንግዲህ ታሪኩ ሁለት መታጠፊያ አለው። አንደኛው የቢጫዋ እጅ ነው፤ እናቲቱ እንደሌለች አንባቢው ከቤተሰቡ ቀድሞ ሊያውቅ ይችላል። ሁለተኛው የጠይሟ እጅ መመለስ ነው፤ የማታውቀው አንዷ ብቻ ናት ስንል የማናውቀው እኛ ሆንን። በእውነተኛው ግሩፕ ውስጥ ቅዳሜ ዕለት ከእጁ ቀጥላ «እህል ቅመሱ» ብላ ጽፋ ነበር። ለለቀስተኛ የሚባል ቃል ነው። ከልብ ወለዱ ውስጥ አወጣሁት። ቃሉ ካለ እጁ ሥራ ይፈታል።

ጽፌ እንደጨረስኩ ለአምስት ጓደኞቼ አስነበብኳቸው። «ቆንጆ ነው፣ ግን መጨረሻው የት አለ?» አሉኝ፤ አምስቱም። ሁለት ቀን ራሴን ስጠራጠር ከረምኩ። ከዚያ ገጹን ከፍቼ አየሁት፤ ሰኞም ቢጫ፣ ማክሰኞም ቢጫ፣ እስከ ቅዳሜ ድረስ ሁሉም ቢጫ።

ጥፋቱ የኔው ነበር። ቻቱን ወደ ድረ ገጽ የሚቀይር ትንሽ ፕሮግራም ጽፌ ነበር፤ ኢሞጂዎቹን አንድ በአንድ እየለቀመ በዝርዝሩ ውስጥ የሌለውን ይጥላል። ጠይሟ እጅ ግን ለኮምፒውተር አንድ ፊደል አይደለችም። ሁለት ናት፦ ቢጫዋ እጅ (`U+1F64F`) እና ከኋላዋ የምትከተል የቀለም ምልክት (`U+1F3FE`)። አምስቱ የቆዳ ቀለሞች ወደ ዩኒኮድ የገቡት በ2015 እ.ኤ.አ. ነው፤ እጁ ራሱ ግን ከ2010 ጀምሮ ነበር። አዲስ እጅ ከመሥራት ይልቅ በነበረው ላይ ቀለም መደረብን መረጡ። በፓይተን ብትሞክሩት እንዲህ ነው፦

```python
>>> len("🙏🏾")
2
>>> "🙏🏾"[0]
'🙏'
```

ሁለተኛዋን የጣለ ሰው ስህተት የሚል መልእክት አይመጣለትም። ፕሮግራሙ አይቆምም። የሚያየው ንጹሕ፣ ትክክለኛ የምትመስል እጅ ነው። የማን እንደነበረች ብቻ ጠፍቷል። ድንኳኑ ጥግ ቆሜ ያደረግኩትን ፕሮግራሜ ደገመው።

አስተካከልኩት። እጁና ቀለሙ እንደ አንድ እንዲቆጠሩ አደረግኩ። እንደገና ስልክላቸው ሦስቱ አዩት። አንደኛው ቆየት ያለ ስልክ ስለነበረው ከእጁ ቀጥሎ ቡናማ ካሬ ወጣበት፤ «የእናትየው መልእክት ለምን ተበላሸ?» አለኝ። አንዷ ደግሞ ጨርሶ አላየችም። የዚህ ዓይነት ልብ ወለድ ወሰኑ ይኸው ነው። የመጽሐፍ ፊደል የትም ቢታተም ያው ነው። ኢሞጂ ግን አንባቢው በያዘው ስልክ ይወሰናል፤ በጥቁርና ነጭ ብታትመው ደግሞ ጠይሙና ቢጫው አንድ ይሆናሉ።

ጎጃም ተወልዶ ስለ ድርብ ትርጉም የሚያወራ ሰው ቅኔን ሳያነሳ አያልፍም። ዲማ ጊዮርጊስና ዋሸራ ያሉበት አገር ነው። እኔ ግን ኢሞጂ ቅኔ ነው ብዬ አልሟገትም። ቅኔው ውስጥ ሰሙም ወርቁም ከቃሉ ውስጥ ነው የሚወጣው፤ ቋንቋውን የሚያውቅ ሁሉ፣ ዘራፊውን ባያውቀውም፣ ቢቆፍር ያገኘዋል። የእናቴን እጅ ግን ማንም ቢቆፍር አያገኛትም። ወርቁ ምልክቱ ውስጥ አልነበረም። በየጠዋቱ አንድ ዓይነት እጅ በመላኳ ውስጥ፣ ያንንም አንዷ ልጇ በደንብ በማየቷ ውስጥ ነበር። ለዚህ ነው ልብ ወለዱ ሰኞና ማክሰኞን የሚፈልገው። ከሐሙስ የሚጀምር ቢሆን ምንም የለውም።

ለማሳተም ከማሰቤ በፊት ለእህቴ ላክሁላት። ማንበቧን የሚያሳየው ሁለተኛው ምልክት ወጣ፤ መልስ ግን አልመጣም። ማታ ደወለች። «አንድ ነገር ተሳስተሃል» አለችኝ። ቀለሙን መሰለኝ፤ ኮዱን ልከፍት ስል፦

«አንድ ሰዓት ከአሥራ ስምንት ደቂቃ የቆየሁት ቢጫነቷን እያየሁ አይደለም። እሱንማ ወዲያው ነው ያየሁት። ምን ብዬ እንደምመልስላችሁ ጠፍቶኝ ነው።»

ግሩፑ አሁንም አለ። የእማዬን አካውንት ማንም አልዘጋውም። ጠዋት ጠዋት አሁን የምትልከው እህቴ ናት፤ አንዳንዴ 06:35፣ አንዳንዴ 06:44።