ከንድፈ ሐሳብ ወደ ተላውጦዎች ሥዕል፦ በኮልፌ ቀራንዮ የቤት ቆሻሻን መለየት እንደ ማሳያ

በማስተርስ ጥናቶች ሁለተኛ ምዕራፍ መጨረሻ ላይ ሁለት ንዑሳን ርዕሶች ተከታትለው ይገኛሉ፦ ንድፈ ሐሳባዊ ማዕቀፍ እና ፅንሰ ሐሳባዊ ማዕቀፍ። በመጀመሪያው ሥር የአንድ የታወቀ ምሁር ንድፈ ሐሳብ ይተረካል፤ በሁለተኛው ሥር ደግሞ ብዙውን ጊዜ የዚያው ምሁር ሥዕል የሣጥኖቹ ስም በጥቂቱ ተለውጦ ይቀርባል። እንዲህ ያለው ሥዕል ስሕተት ነው ለማለት ያስቸግራል፤ ነገር ግን ሥራ የለውም። የሁለቱን ልዩነት በብያኔ ከማስረዳት ይልቅ በአንድ ጥያቄ ላይ ሁለቱንም አሠርቶ ማየት ይበልጥ ግልጽ ያደርገዋል። ለዚህም ከኮልፌ ቀራንዮ የተሻለ ቦታ ማግኘት ይከብዳል።

በክፍለ ከተማው የሚገኘው የረጲ የቆሻሻ መድፊያ፣ ሕዝቡ ቆሼ የሚለው፣ ለአሥርት ዓመታት የአዲስ አበባን ደረቅ ቆሻሻ ሳይለይ ሲቀበል የኖረ ስፍራ ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሻሻው ክምር ተደርምሶ ከ110 የሚበልጡ ሰዎች ሕይወት አልፏል። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. በዚያው ስፍራ ከቆሻሻ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ጣቢያ ተመርቋል። የምግብ ትራፊ ከፕላስቲክና ከወረቀት ጋር ተደባልቆ ሲመጣ ክምሩም ይከብዳል፣ እርጥብ ስለሚሆንም ለማቃጠል ያዳግታል። ስለዚህ «ቤተሰቦች ቆሻሻን ከምንጩ እንዲለዩ ወይም እንዳይለዩ የሚያደርጋቸው ምንድን ነው?» የሚለው ጥያቄ በዚህ ሰፈር የወረቀት ጥያቄ ብቻ አይደለም።

አንድ ተመራማሪ ይህን ይዞ ቢነሳ በቅድሚያ የሚያገኘው የአይሴክ አይዘንን የታቀደ ባህርይ ንድፈ ሐሳብ ነው። ንድፈ ሐሳቡ በ1991 እ.ኤ.አ. በሰፊው በታወቀው ጽሑፉ ተብራርቷል። በአጭሩ ሲነገር፣ ሰው አንድን ነገር የሚያደርገው ለማድረግ ስለወጠነ ነው፤ ውጥኑ ደግሞ ከሦስት ነገሮች ይመነጫል፦ ስለ ድርጊቱ ካለው አመለካከት፣ የሚያከብራቸው ሰዎች ከእርሱ ይጠብቃሉ ብሎ ከሚያስበው፣ እንዲሁም ድርጊቱን ለመፈጸም እችላለሁ ወይም አልችልም ከሚለው የመቻል ግምቱ። ይህ ንድፈ ሐሳባዊ ማዕቀፍ ነው። ስለ ሲጋራ ማቆምም፣ ስለ ደም ልገሳም፣ ስለ ምርጫም ያለ ለውጥ ይናገራል። ኃይሉ እዚህ ላይ ነው፤ ስለ ኮልፌ አንድም ቃል አለመናገሩ ደግሞ ጉድለቱ ሳይሆን ጠባዩ ነው።

ፅንሰ ሐሳባዊው ማዕቀፍ የሚጀምረው ንድፈ ሐሳቡ ባዶ የተወውን ቦታ ተመራማሪው በራሱ ኃላፊነት መሙላት ሲጀምር ነው። የመጀመሪያው ባዶ ቦታ ጥገኛው ተላውጦ ነው። «ቆሻሻ ይለያሉ?» ተብሎ ቢጠየቅ የኮልፌ ነዋሪ ምን ይመልሳል? በየመንደሩ «ቆራሌው» እያለ የሚዞረው ሰው አሮጌ ጫማ፣ ቆርቆሮ፣ ጠርሙስና ባዶ ሃይላንድ ይገዛል። ስለዚህ ይህን የማያስቀምጥ ቤት ጥቂት ነው። ጥያቄው እንዲሁ ከቀረበ ሁሉም «አዎን» ይላል፤ ተላውጦውም መለዋወጡን ያቆማል። የሚፈለገው ግን ሌላ ነገር ነው፤ የማይሸጠው የምግብ ትራፊ ከደረቁ ቆሻሻ በተለየ ማዳበሪያ መውጣቱ። አይዘን ድርጊቱ፣ የሚደረግበት ነገር፣ ሁኔታውና ጊዜው በግልጽ ይለዩ ብሎ ያሳስባል፤ እነዚህን አራቱን በኮልፌ ቋንቋ መሙላት ግን የተመራማሪው ድርሻ ነው። «በሚቀጥሉት አራት የመሰብሰቢያ ቀናት የምግብ ትራፊን ለብቻው በማዳበሪያ አድርጎ ለአሰባሳቢዎች መስጠት» የሚለው ተግባራዊ ብያኔ ሊቆጠር ይችላል፤ ከዜሮ እስከ አራት። ለቆራሌው ማስቀመጡም አይጣልም፤ ራሱን የቻለ ነፃ ተላውጦ ይሆናል። ለገንዘብ ብሎ መለየት የለመደ ቤት ያለ ገንዘብ ለመለየት ይቀለዋል ወይስ ይከብደዋል? ንድፈ ሐሳቡ ለዚህ መልስ የለውም። ቀስቱን የሚስለው ተመራማሪው ነው፤ የሳለበትንም ምክንያት በአንድ አንቀጽ መጻፍ አለበት።

ሁለተኛው ባዶ ቦታ ይበልጥ ያከራክራል። የቤት ለቤት መሰብሰቡን የሚሠሩት የደረቅ ቆሻሻ አሰባሳቢ ማኅበራት ናቸው። አንዲት የቤት እመቤት ሁለት ማዳበሪያ ለይታ ብታስቀምጥና ሁለቱም ዐይኗ እያየ በአንድ ጋሪ ተደባልቀው ወደ ገንዳ ቢገለበጡ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ምን ታደርጋለች? ይህን «ተለይቶ የመሰብሰብ አገልግሎት» ብለን እንሰይመው። በሥዕሉ ላይ የት ይቀመጣል? ሁለት ቦታ ይቻላል፤ ሁለቱም አንድ ዓይነት አይደሉም።

አንደኛው አገልግሎቱን ከአመለካከት በስተጀርባ ማስቀመጥ ነው። መደባለቁን ያየች ሴት «መለየቴ ዋጋ የለውም» ብላ ታምናለች፤ አመለካከቷ ይወድቃል፤ ውጥኗም አብሮ ይወድቃል። በዚህ አሳሳል አመለካከት መሸጋገሪያ፣ በተለምዶ ሚዲዬተር የሚባለው ተላውጦ ይሆናል። ይህ ከአይዘን ጋር ይስማማል፤ በእርሱ ዘንድ ከውጭ ያሉ ሁኔታዎች በባህርይ ላይ የሚሠሩት በእምነቶች በኩል ነውና። ሁለተኛው ደግሞ አገልግሎቱን ከውጥን ወደ ድርጊት በሚሄደው ቀስት ላይ ማሳረፍ ነው። ሴትዮዋ አሁንም መለየት መልካም ነው ትላለች፣ ለመለየትም ወጥናለች፤ ነገር ግን የምታስረክብበት መንገድ ስለሌለ ውጥኗ ድርጊት አይሆንም። በዚህ አሳሳል አገልግሎቱ የግንኙነቱን ጥንካሬ የሚለውጥ ሞደሬተር ነው። አይዘንም ውጥን ወደ ድርጊት የሚሸጋገረው ሰውየው በነገሩ ላይ እውነተኛ ሥልጣን ባለው መጠን እንደሆነ ስለሚል፣ ይህም ከንድፈ ሐሳቡ ውጭ አይደለም። ንድፈ ሐሳቡ ሁለቱንም ይፈቅዳል፤ የሚመርጠው ፅንሰ ሐሳባዊው ማዕቀፍ ነው። የልዩነቱ ልብ፣ በዚህ ጽሑፍ እይታ፣ እዚህ ነው።

ምርጫው የሥዕል ውበት ጉዳይ እንዳልሆነ የሚታወቀው ወደ ሦስተኛው ምዕራፍ ሲሻገር ነው። ሁለተኛው አሳሳል የሚከተለውን ቀመር ያስከትላል፦

```
ድርጊት = b0 + b1·ውጥን + b2·አገልግሎት + b3·(ውጥን × አገልግሎት)
```

(ድርጊቱ ከአራት የሚቆጠር ስለሆነ በተግባር የሎጂስቲክ ዓይነት ሪግሬሽን ያስፈልገዋል፤ የቀስቶቹ ትርጉም ግን ያው ነው።) መላምቱ የተንጠለጠለው በ`b3` ላይ ነው። `b3` ይገመት ዘንድ ደግሞ አገልግሎቱ ከቤት ቤት ወይም ከቀጠና ቀጠና መለያየት አለበት። ተመራማሪው ለጉዞ እንዲመቸው አንድ ወረዳ ብቻ መርጦ፣ በዚያም አንድ ማኅበር ብቻ የሚሰበስብ ከሆነ፣ መጠይቁን አራት መቶ ሰው ቢሞላውም አገልግሎቱ ለሁሉም አንድ ነው። ቀስቱ በሥዕሉ ላይ አለ፤ በመረጃው ውስጥ ግን የለም። ስለዚህ ማዕቀፉ የናሙናውን አወሳሰድ ያዝዛል፦ ከአየር ጤና፣ ከቤቴል፣ ከዓለም ባንክና ከመሳሰሉት በርከት ያሉ የመሰብሰቢያ ቀጠናዎችን፣ በእያንዳንዱም ውስጥ ጥቂት ቤቶችን መውሰድ። በአንድ ቀጠና ያሉ ቤቶች አንድ አሰባሳቢ ስለሚጋሩ እንደ ነጠላ ነጠላ ምስክር ሊቆጠሩ አይገባም፤ ትንተናው ይህን መደራረብ ከግምት ማስገባት አለበት። ስለ አገልግሎቱም ነዋሪውን ብቻ መጠየቅ አይበቃም። ያልለየ ሰው «እነሱም ይደባልቁታል» ብሎ ራሱን ሊከላከል ይችላልና፣ በመሰብሰቢያው ቀን ጋሪውን ተከትሎ ማየት ያስፈልጋል።

በተቃራኒው ከሥዕሉ የሚወጡም አሉ። ብዙ ጥናቶች «ክፍያ»ን ያስገባሉ። በአዲስ አበባ የቆሻሻ አገልግሎት ክፍያ ከውሃ ሂሳብ ጋር ተያይዞ ይሰበሰባል፤ ከሚወጣው ቆሻሻ ብዛትም ሆነ ከመለየት ጋር አይገናኝም። የለየውም ያልለየውም አንድ ዓይነት ሂሳብ ውስጥ ስለሆነ፣ ክፍያ ሰዎች ለምን እንደሚለዩ ሊያስረዳ አይችልም። ዕድሜ፣ ጾታና የትምህርት ደረጃም በአንድ ሣጥን ታጭቀው ከጎን በአንድ ቀስት መተኮሳቸው ልማድ ሆኗል። ከእነዚህ መካከል በኮልፌ ምክንያት ሊቀርብለት የሚችለው ሌላ ነገር ነው፤ የመኖሪያው ዓይነት። በኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ የሚኖር ሰው ሁለት ማዳበሪያ የሚያቆምበት ቦታ በረንዳው ብቻ ነው፤ በቀበሌ ቤት ግቢ የሚኖረው ደግሞ ቦታውን ከጎረቤት ጋር ይጋራል፣ ያወጣውንም ሁሉ ጎረቤት ያያል። የመጀመሪያው በመቻል ግምት፣ የሁለተኛው በሰው ዐይን በኩል ይሠራል። እያንዳንዱ ቀስት እንዲህ የሚነገር መንገድ ከሌለው ቢቀር ይሻላል። ቀላሉ መፈተኛ ቀስቱን በጣት ሸፍኖ ሦስተኛውን ምዕራፍ ማንበብ ነው፤ ከመጠይቁም፣ ከናሙናውም፣ ከትንተናውም አንድ ነገር ካልጎደለ ቀስቱ ጌጥ ነበር።

የቀስቱ አቅጣጫም ጊዜን ይጠይቃል። ውጥንና ድርጊት በአንድ ቀን በአንድ መጠይቅ ከተለኩ፣ ሲለይ የኖረ ሰው ልማዱን አይቶ «ለመለየት ወጥኛለሁ» ሊል ይችላል፤ ቀስቱ ወደ ኋላ ዞረ ማለት ነው። ውጥኑን በመጀመሪያው ጉብኝት መጠየቅ፣ ማዳበሪያዎቹን ግን በቀጣዮቹ አራት የመሰብሰቢያ ቀናት በር ላይ መቁጠር ይህን በከፊል ይፈታል። በከፊል የተባለው የቆጣሪው መምጣት ራሱ ሰዉን ለጥቂት ቀናት ጠንቃቃ ስለሚያደርገው ነው።

ውጤቱ ሲመጣ ሁለቱ ማዕቀፎች እንደገና ይለያያሉ። `b3` ከዜሮ ባይለይ፣ መረጃውም አገልግሎቱ በቂ ልዩነት እንዳለው ቢያሳይ፣ ድጋፍ ያጣው «አገልግሎት የውጥንን ኃይል ይለውጣል» የሚለው የተመራማሪው ሐሳብ ነው፤ አይዘን አልተነካም። ምናልባት የመጀመሪያው አሳሳል ትክክል ነበር፤ አገልግሎቱ ውጥኑን ገና ከመነሻው ገድሎት ይሆናል፤ ያም ሳይወጥኑ ከቀሩት ቤቶች አመለካከት ሊታይ ይችላል። ውጥንና ድርጊት ጨርሶ ባይገናኙ ግን ጥርጣሬው በቅድሚያ የሚወድቀው በመለኪያው ላይ ነው፦ በውጥን ጥያቄው ላይ «ቆሻሻ መለየት» ተብሎ፣ በር ላይ ግን የምግብ ትራፊ ማዳበሪያ ብቻ ተቆጥሮ ከሆነ፣ ነዋሪው ለቆራሌው ያስቀመጠውን ሃይላንድ እያሰበ ነበር የመለሰው።