አስኳሉን ጣልን፣ ቅቤውን ጨመርን

ይህን ቻናል የምትከታተሉት ለሰሞኑ ወሬ እንደሆነ አውቃለሁ። የዛሬው ወሬ ግን ከአዴት፣ ከእናቴ ማድቤት ነው። ጉዳዩም ሦስት እንቁላል ነው።

አባቴ ባለፈው ዓመት የደም ምርመራ አድርጎ ኮሌስትሮሉ ከፍ ማለቱ ተነገረው። የተሰጠው ምክር አጭር ነበር፦ «ስብ ቀንስ፣ የእንቁላል አስኳል ተው።» ከሁለቱ ቤታችን የገባው ሁለተኛው ብቻ ነው። አስኳል ቢጫ ነው፣ በዓይን ይታያል፣ ለይቶ ማውጣት ይቻላል። ስብ ቀንስ የሚለው ግን የትኛውን፣ ከየት፣ ስንት የሚል ጥያቄ ያስነሳል፤ ያንን የመለሰ ሰው አልነበረም።

ስለዚህ እናቴ በፍስክ ጠዋት ሦስት እንቁላል ትሰብራለች። አስኳሉን ከአንዱ ግማሽ ቅርፊት ወደ ሌላው እያገላበጠች ነጩን ታወርዳለች። ነጩ ከሽንኩርትና ከቃሪያ ጋር ለአባቴ ፍርፍር ይሆናል፤ አስኳሉ ለውሻው ይሄዳል። እውነቱን ለመናገር ውሻው በዚህ ዓመት አምሮበታል።

በቅርቡ ስሄድ አንዲት በባትሪ የምትሠራ የማድቤት ሚዛን ይዤ ነበር። እናቴ አይታ «እንቁላልም እንደ ወርቅ በሚዛን ሆነ ልጄ?» አለች። ሆነ። ከግቢው ዶሮዎች የተገኙትን ሦስት የአበሻ እንቁላሎች ሰብረን ቅርፊቱን ስናወጣ 113 ግራም መዘኑ። ከዚህ ውስጥ 73 ግራሙ ነጩ፣ 40 ግራሙ አስኳሉ ነበር።

እዚህ ላይ ስፖርት ቤት የምትሄዱ ወዳጆቼ አንድ ነገር ልብ በሉ። ስልካችሁ ላይ «ሦስት እንቁላል 19 ግራም ፕሮቲን አለው» የሚለው ሰንጠረዥ የተሠራው ያለ ቅርፊቱ 50 ግራም ለሚመዝን ትልቅ የፈረንጅ እንቁላል ነው። የእኛ ቤቶቹ እያንዳንዳቸው 38 ግራም ገደማ ናቸው። ስለዚህ የሰንጠረዡን ቁጥር በፍሬ ሳይሆን በግራም መውሰድ ያስፈልጋል። መቶ ግራም ነጭ ወደ 11 ግራም ፕሮቲን አለው፣ ስቡ ከምንም አይቆጠርም። መቶ ግራም አስኳል ደግሞ 16 ግራም ያህል ፕሮቲንና 26 ተኩል ግራም ገደማ ስብ አለው። አዎ፣ በክብደት ካየነው አስኳሉ ከነጩ የበለጠ ፕሮቲን ይዟል። ነጩ የፕሮቲን ንጉሥ የሆነው ብዙ ስለሆነ ብቻ ነው።

ወደ እኛ ሦስት እንቁላል እንመልሰው። ሙሉዎቹ 14 ግራም ከምናምን ፕሮቲን፣ ወደ 11 ግራም የሚጠጋ ስብና 167 ካሎሪ ገደማ አላቸው። አስኳሉን ስናወጣ ስቡ በሙሉ ይሄዳል ማለት ይቻላል፤ ካሎሪውም ወደ 38 ይወርዳል። እስከዚህ ድረስ እናቴ ትክክል ናት። ነገር ግን ፕሮቲኑም ወደ 8 ግራም ወረደ። «ፕሮቲኑ ነጩ ውስጥ ነው» እየተባለ ከፕሮቲኑ አርባ በመቶ በላይ የሚሆነው ለውሻው ይደርሰው ነበር።

እኔን ያስደነገጠኝ ግን ይህ አይደለም። እናቴ ነጩን ከመጨመሯ በፊት መጥበሻው ላይ አንድ ማንኪያ የተነጠረ ቅቤ ጣል አደረገች። አንድ ማንኪያ የምትለው ከነቁልሉ ነው። «ነጩ ለብቻው ምን ጣዕም አለው? በቅቤ ካልደገፍኩት አይበላልኝም» ነው የምትለው። በሚቀጥለው ቀን ማንኪያውን መጥበሻው ላይ ሳታደርስ ቀድሜ መዘንኩት። ማንኪያውን ቀንሼ ቅቤው ብቻ 24 ግራም። የተነጠረ ቅቤ ውሃው ስለወጣ ሙሉ በሙሉ ስብ ነው በሉት፤ ብቻውን ከ210 ካሎሪ በላይ ይሆናል።

እንግዲህ አስቡት። ወደ 11 ግራም የሚጠጋ የአስኳል ስብ ሸሽተን 24 ግራም የቅቤ ስብ አስገባን። መጥበሻው ላይ ትንሽ ይቀራል እንዳልል አባቴ ጥርግ አድርጎ በዳቦ ነው የሚበላው። በካሎሪ ካየነው የአባቴ «ቀላል» ፍርፍር 250 ደርሷል፤ ሦስቱ እንቁላሎች ከነአስኳላቸው ተቀቅለው ቢበላቸው 167 ነበር።

የስቡ ዓይነትም ይለያያል። ሁላችንም የሚረጋ ዘይትና የማይረጋ ዘይት እናውቃለን። የሚረጋው ሳቹሬትድ የሚባለው ስብ የሚበዛበት ነው፤ ጉበት መጥፎ የሚባለውን ኮሌስትሮል ከደም ውስጥ የሚጠርግበትን አቅም የሚያዳክመውም በዋናነት እሱ ነው። ከአስኳል ስብ ከግማሽ በላይ የሚሆነው የማይረጋው ዓይነት ነው። ቅቤ ግን ከግማሽ በላይ የሚረጋ ነው። ሲሰላ ሦስቱ አስኳሎች 4 ግራም የማይሞላ ሳቹሬትድ ስብ ነበራቸው፤ የእናቴ ማንኪያ 15 ግራም ገደማ።

አስኳሉን ግን ነፃ አላወጣሁትም። ሦስቱ አስኳሎች ራሱን ኮሌስትሮሉን ከ400 ሚሊግራም በላይ ይዘዋል፤ ቅቤው በዚህ በኩል ከእነሱ በጣም ያንሳል። የአሜሪካ የልብ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1968 በቀን ከ300 ሚሊግራም ኮሌስትሮል፣ በሳምንትም ከሦስት አስኳል አትለፉ ብሎ ነበር። «ነጩን ብቻ» የሚለው ልማድ ዓለምን የዞረው ከዚያ ወዲህ ነው። የአሜሪካ መንግሥት የአመጋገብ መመሪያ የ300ውን ጣሪያ በ2015 አነሳው፤ ማኅበሩም በ2019 ለጤነኛ ሰው በቀን አንድ ሙሉ እንቁላል ችግር የለውም አለ። ኮሌስትሮላቸው ከፍ ያለ፣ በተለይ ስኳር ያለባቸው ግን ይጠንቀቁ ብሏል። አባቴ ከነዚህ አንዱ ስለሆነ ሦስት አስኳል በየቀኑ ብላ ልለው አልችልም።

ስለዚህ ተደራደርን። አንድ ሙሉ እንቁላልና የሁለት ነጭ፤ በቅቤ ፈንታ አንድ የሻይ ማንኪያ የኑግ ዘይት፣ ተለክቶ እንጂ ከጠርሙሱ ተንቆርቁሮ አይደለም። ሽንኩርቱ እንዳያርና ዘይት እንዳይለምን ትንሽ ውሃ ጠብ እየተደረገለት ይቁላላል፤ እንቁላሉ መጨረሻ ላይ ይገባና ሳይደርቅ ይወርዳል። ይህኛው ፍርፍር 10 ግራም ፕሮቲን፣ 8 ግራም ስብና ወደ 120 ካሎሪ አለው። ከቀድሞው ጋር ሲነፃፀር ፕሮቲኑ ጨመረ፣ ስቡ ወደ ሲሶ ወረደ። ጣዕሙም ያ አንድ አስኳል ስላለበት የሰው ምግብ ይመስላል። ቀለሙ ደማቅ ቢጫ ነው፤ ያ ደግሞ ዶሮዋ ከለቀመችው ሣርና በቆሎ የመጣ ቀለም እንጂ የስብ ብዛት ምልክት አይደለም።

የተረፉት ሁለት አስኳሎች ጉዳይ ቀረ። የእህቴ ልጅ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ማድቤቱ በር ላይ ቆማ ዳቦ በሻይ ትበላለች። የእንቁላሉ ቫይታሚን ኤ እና ዲ፣ አብዛኛው ብረትም አስኳሉ ውስጥ ነው። ያን ሁሉ ወራት አስኳሉ ከሷ አጠገብ አልፎ ወደ ውጭ ሲወጣ ማናችንም አላየነውም፤ እኔንም ጨምሮ። አሁን በደንብ በስሎ ከድንች ጋር ተፈጭቶ ይሰጣታል።

አባቴ ትናንት ደውሎ ስለ ጤናው ስጠይቀው ያማረረው ስለ ቅቤው ነው። «ኑግ ለጾም ነው» አለኝ። ቀጣዩ የደም ምርመራው ከሁለት ወር በኋላ ነው።