በጆሮ የታመሰ መከለሻ

ወጡ ከእሳት ሊወርድ ሲል በጣት ቆንጠር ተደርጎ የሚነሰነሰውን መከለሻ ከየት ታገኙታላችሁ? እኔ በበኩሌ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ስለዚህ ጉዳይ ተጨንቄ አላውቅም ነበር። እናቴ አምሳና ወቅጣ በጠርሙስ ታስቀምጥልኛለች፤ እኔም ከሥራ ስመለስ ከጠርሙሱ ቆንጥሬ እጨምራለሁ። ለእናቴ ግን መከለሻ የቤት ጉዳይ ብቻ አልነበረም። ጀሞ ኮንዶሚኒየም አብራኝ መኖር ከጀመረች ወዲህ ለጎረቤቶቻችን በትንንሽ ጠርሙስ እያዘጋጀች ትሸጥ ነበር። ከዚያ በምታገኘው ገንዘብ ዕቁብ ትጥላለች፣ ለልጄ ደብተር ትገዛለች፤ ከእኔ እጅ ሳትጠብቅ የምታዝበት ገንዘብ እሱ ብቻ ነበር።

በ2013 ዓ.ም. እናቴ በኮቪድ ታመመች። ትኩሳቱና ሳሉ በሁለት ሳምንት ለቀቃት፤ የማሽተት ስሜቷ ግን አብሮ ሄዶ አልተመለሰም። እኛም ነገሩን ከቁም ነገር አልቆጠርነውም፤ «ዋናው መዳንሽ ነው» አልናት። እርሷም ዝም አለች።

ከሁለት ወር በኋላ አንዲት ጎረቤታችን ለልጇ ክርስትና የገዛችውን መከለሻ ይዛ መጣች። በሩ ላይ ቆማ አንገቷን ደፍታ፣ «እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ወጡ መረረብኝ» አለች። ጠርሙሱን ከፍቼ አሸተትሁት። የሸተተኝ የተቃጠለ ገለባ ነው። እናቴ ገንዘቡን መለሰች፤ በሩ ሲዘጋ ወደ ማእድ ቤት ገብታ ብረት ምጣዱን ሰቀለችው። ኋላ ስጠይቃት፣ «ልጄ፣ ሽታው እስኪመጣ ስጠብቅ ነው ያረረብኝ» አለችኝ።

ውድ አንባቢያን፤ ይህን የምጽፍላችሁ ከዚያ ወዲያ የተማርነውን ለማካፈል ነው። የተማርነውም አፍንጫ ለጠፋባት ብቻ የሚጠቅም አይደለም።

በመጀመሪያ ቅመም ለምን ይታመሳል? የኮረሪማም ሆነ የአዝሙድ መዓዛ በፍሬው ውስጥ ባለ ዘይት የታሰረ ነው። ከገበያ የመጣ ቅመም ደረቅ ቢመስልም ጥቂት እርጥበት አያጣውም፤ ስለዚህ ሲወቀጥ እንደ ቆዳ እየተለጠጠ እምቢ ይላል። በደረቅ ብረት ላይ ቀስ ብሎ ሲሞቅ እርጥበቱ ይወጣል፤ ፍሬው ተሰባሪ ይሆንና ዘይቱ በቀላሉ ይለቀቃል። ከዚህም ሌላ ሙቀቱ በጥሬው ያልነበረ፣ የተቆላ እህል የሚመስል አዲስ መዓዛ ይፈጥራል።

ነገር ግን ይህ ዘይት በቀላሉ የሚተን ነው። ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ቅመም ስናምስ ቤቱ በሽታ ሲሞላ፣ ጎረቤት «ምን እየሠራችሁ ነው?» ሲል ደስ ይለናል። ነገር ግን በደረጃው ላይ የሚንሳፈፈው መዓዛ ከፍሬው የወጣ መዓዛ ነው፤ ወደ ወጡ አይመለስም። በተጨማሪም አፍንጫ በባሕርዩ ይደክማል። አንድን ሽታ ለጥቂት ደቂቃ ከተነፈስን በኋላ እየለመድነው ስለምንሄድ፣ ጤነኛዋም ሴት ምጣዱ አጠገብ እንደቆመች ማረሩን ከጎረቤቷ ዘግይታ ልታውቅ ትችላለች። ስለሆነም የእናቴ ችግር በመጠኑም ቢሆን የሁላችንም ችግር ነው።

ብረት ምጣዱ ከሰቀለችበት የወረደው በአራተኛው ሳምንት ነው። ከጎፋ ገበያ ለአንድ ጠርሙስ የሚበቃ ቅመም ገዝቼ መጣሁ፤ እኔ አፍንጫ ልሆን፣ እርሷ ደግሞ እጅ ልትሆን ተስማማን። መጠኑ እንደሚከተለው ነበር፤ የተፈለፈለ የኮረሪማ ፍሬ አንድ የቡና ስኒ፣ ቁንዶ በርበሬ ግማሽ ስኒ፣ ጥምዝ ስምንት ፍሬ፣ ነጭ አዝሙድ አንድ የሾርባ ማንኪያ፣ ቅርንፉድ አንድ የሻይ ማንኪያ፣ የጣት ርዝመት ያለው ቀረፋ፣ እንዲሁም የገውዝ ግማሽ። ገውዝ አይታመስም፤ መጨረሻ ላይ ተፍቆ ይጨመራል።

ብዙ ጊዜ የሚወስደው ኮረሪማው ነው። ከከፋ ወይም ከጋሞና ከጎፋ አካባቢ የሚመጣው ኮረሪማ በገመድ ተሰክቶ የደረቀ ስለሆነ ብዙውን ጊዜ ቀዳዳ አለው። እናቴ እያንዳንዱን በጆሮዋ አጠገብ እያንቀሳቀሰች ባዶውን ትለያለች። ከዚያም ቅርፊቱን ትሰብርና ፍሬውን የሸፈነውን ስስ ገለባ በመዳፏ አሽታ በሰፌድ ታበጥረዋለች። «ይሄን ገለባ ብትተዪው ፍሬው ሳይሞቅ እሱ ያርራል» አለችኝ። የጎረቤታችን መከለሻ የገለባ ሽታ የነበረውም ለዚህ ሳይሆን አይቀርም፤ በዚያ ቀን እናቴ ድካሙ ገና ስላልለቀቃት በደንብ ሳታበጥር ነበር ያመሰችው።

ሁለተኛው ጉዳይ እሳቱ ነው። በከሰል ላይ ከሆነ ፍሙ ነጭ አመድ እስኪለብስ መጠበቅ ይገባል። በኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ ደግሞ ምድጃው ቢጠፋም ሙቀቱ ቶሎ ስለማይለቅ፣ ማጥፋት ብቻ አይበቃም፤ ምጣዱን ማንሳት ያስፈልጋል። እናቴ እጇን ከብረት ምጣዱ አንድ ስንዝር ያህል ከፍ አድርጋ ትቆጥራለች። ስምንት ወይም አሥር ድረስ መቁጠር ከቻለች እሳቱ ደህና ነው፤ በአምስት እጇን ካነሳች ይበዛል ማለት ነው። ይህን ልማድ የጀመረችው ዱሮ ቡና ስትቆላ ነው።

ሦስተኛው፣ ከሁሉም የሚበልጠው፣ ቅመሞቹን አንድ ላይ አለመጨመር ነው። እኔ በሥራ ስለተጣደፍሁ ሁሉንም በአንዴ ልገለብጠው ነበር፤ እናቴ እጄን ያዘችው። ቁንዶ በርበሬ ወፍራም ስለሆነ ሦስት አራት ደቂቃ ሲፈልግ፣ ነጭ አዝሙድ ግን ደቃቅ በመሆኑ አንድ ደቂቃ ያህል ይበቃዋል። አብረው ቢታመሱ ወይ ቁንዶው ጥሬ ይቀራል፣ ወይ አዝሙዱ አርሮ ሁሉንም ያመርራል። ያረረ አዝሙድ ደግሞ ከተወቀጠ በኋላ የሚለይበት መንገድ የለም።

ቀረፋውንና ጥምዙን ሰባብረን አስቀደምን። ጥምዝ ብዙውን ጊዜ ከመነሻው በጭስ የደረቀ ስለሆነ ከሁለት ደቂቃ በላይ አላቆየነውም። ቀጥሎ ቁንዶ በርበሬው ገባ፤ ከዚያ ኮረሪማው።

እዚህ ላይ እናቴ ያደረገችው ነገር አስገረመኝ። ጆሮዋን ወደ ብረት ምጣዱ ዘንበል አድርጋ፣ በእንጨት ማንኪያ ማማሰሏን ሳታቋርጥ ዝም አለች። ልጄ ቴሌቪዥኑን እንዲቀንስ በእጇ አመለከተችው። ኮረሪማው መጀመሪያ ሲገባ ድምፁ የታፈነ ነው፤ እርጥብ አፈር በአካፋ ሲገለበጥ ይመስላል። አራት ደቂቃ ያህል ሲሆን ድምፁ ተለወጠ፤ በቆርቆሮ ላይ እንደሚንከባለል ደረቅ አሸዋ ጥርት እያለ መንሿሿት ጀመረ። «ሰማሽ?» አለችኝ። እኔ ገና መዓዛውን እየጠበቅሁ ነበር። አንድ ፍሬ አንስታ ቀዝቀዝ ስትል በጥርሷ ነከሰቻት፤ ቀጭ አለች። ከማመሷ በፊት ነክሳ ያሳየችኝ ፍሬ ግን ተጣብቆ ተልጦ ነበር። ወዲያው ምጣዱን አንስታ በሰፋፊ ትሪ ላይ ገለበጠችው።

መገልበጡ የግድ ነው። ብረት ሙቀት ይይዛል፤ ቅመሙን እዚያው ትተን ወደ ሌላ ሥራ ብንዞር መታመሱ ይቀጥላል።

አዝሙዱ በሌላ ምልክት ይታወቃል። አንድ ሁለት ፍሬ ጣ፣ ጣ ማለት ሲጀምሩ ይወርዳል፤ ሁሉም እስኪንጣጣ መጠበቅ አይገባም። ቅርንፉዱ የመጨረሻው ነው፤ በጋለው ምጣድ ላይ ግማሽ ደቂቃ ያህል ሲንከባለል በቂው ነው። ከማናቸውም ቅመም ላይ ቀጭን ጭስ ሲነሳ ካያችሁ ጊዜው አልፏል። ያን ጊዜ ያረረውን ብቻ መድፋት ይሻላል፤ ብረት ምጣዱንም ጠርጎ እንደገና መጀመር ነው። ኮረሪማ በዛሬው ዋጋ መድፋት እንደሚያንገበግብ አውቃለሁ፤ ነገር ግን አንድ ማንኪያ የራበት ሌላውን ሙሉ ጠርሙስ ያበላሸዋል።

ትሪው ላይ የተሰጣው ቅመም እጅ ሲነካው ሙቀቱ እስኪጠፋ መቀዝቀዝ አለበት። ትኩሱን ወቅጦ በጠርሙስ መዝጋት እንፋሎቱን አብሮ መዝጋት ስለሆነ ዱቄቱ ይጓጉላል፤ ከዚያም ሊሻግት ይችላል። ይህን ያህል ትንሽ ቅመም ወፍጮ ቤት አይወሰድም፤ ግማሹ ወፍጮው ውስጥ ይቀራል፤ ከፊቱ የተፈጨው በርበሬ ወይም ሽሮም ይቀላቀልበታል። እናቴ በሙቀጫ ትወቅጣለች። እኔ የቡና መፍጫ ማሽን ገዝቻለሁ፤ እርሷ «ጯሂ» ትለዋለች። በማሽን ስትፈጩ ጥቂት ጥቂት እያደረጋችሁ፣ እየቆማችሁ ቢሆን ጥሩ ነው፤ ያለማቋረጥ ከዞረ ዱቄቱ ይግላልና መዓዛው እዚያው ይተናል። የተፈጨውም በወር ውስጥ የሚያልቅ ቢሆን ይመረጣል፤ ከዚያ ወዲያ ቀለሙ እንጂ መዓዛው እየሳሳ ይሄዳል።

ያን ዕለት የተሠራውን መከለሻ ለዚያችው ጎረቤታችን በነጻ ወሰድሁላት። በሳምንቱ ባዶውን ጠርሙስ ታጥቦ መለሰችና ሁለት አዘዘች። እናቴ ገንዘቡን ስትቆጥር ፊቷን አላሳየችኝም።

ስለ አፍንጫዋ ሐኪም አማክረን ነበር። ጽጌረዳ፣ ሎሚ፣ ባሕር ዛፍና ቅርንፉድ በየተራ፣ ጠዋትና ማታ፣ ለወራት እንድታሸት መከራት፤ ይህ የማሽተት ልምምድ በሌሎች አገሮችም ለብዙ ሕሙማን የሚታዘዝ ነው። ሁሉንም የሚያድን አይደለም። እናቴም ባሕር ዛፉንና ሎሚውን በቤት ውስጥ ስታገኝ፣ ቅርንፉዱን ከመሸጫዋ ላይ እየወሰደች «ከስሬብሻለሁ» ትለኝ ነበር። ከአምስት ወር በኋላ አንድ ጠዋት ቅርንፉዱን ይዛ ከመኝታ ቤት ወጣች፤ «ከሩቅ፣ ከሩቅ ይመጣል» አለችኝ። ኮረሪማው ግን እስከ ዛሬ አልመጣላትም።

ስለዚህ አሁንም ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሁለታችንም ምድጃው ዘንድ እንቆማለን። ባለፈው ቅዳሜ፣ ኮረሪማው ምጣዱ ላይ እያለ፣ ሽታው ደስ ብሎኝ ዓይኔን ጨፍኜ ስተነፍስ ጎኔን በክርኗ ነካችኝ።

«ምን ትጠብቂያለሽ? አውርጂው እንጂ፣ እየጮኸ ነው!»