ማመልከቻ ጸሐፊውና የስልኩ ድምፅ

አዲስ አበባ ፍርድ ቤት አካባቢ ማመልከቻ የሚጽፉ ሰዎች አሉ። ባለጉዳዩ ከጎረቤቱ ጠብ ተነስቶ እስከ አያቱ ርስት ቢተርክም ጸሐፊው አይደናገርም። «መቼ ነው? ማን ነው ያለው? አሁን ምን ይደረግልኝ ነው የሚሉት?» እያለ ጣልቃ ይገባል፤ ከዚያ በግማሽ ገጽ ይጨርሰዋል።

እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ ይህ ሥራ የወደቀው በዘመድ ልጆች ላይ ነው። አክስት በዋትስአፕ ድምፅ ይልካሉ፤ እኛ በእንግሊዝኛ ለሐኪማቸው እንጽፋለን። ችግሩ ድምፁ ሲደርሰን ባለጉዳይዋ አጠገባችን አለመኖራቸው ነው።

የተለመደ መልእክት ወደ ጽሑፍ ሲገለበጥ ይህን ይመስላል፦

«እንደምን ዋልክ ልጄ፣ እኛ ደህና ነን፣ ተመስገን። ያ እንትን… የግፊቱ መድኃኒት፣ የጀመርኩት ሰኞ፣ ማለቴ ማክሰኞ፣ ማታ ሦስት ሰዓት ነው የምወስደው፣ ያው… ጠዋት ስነሳ ያዞረኛል፣ እግሬም ያበጠ መሰለኝ፣ እህትህ ተዪው አለችኝ፣ እኔ ግን… እና ሐኪሙን ጠይቅልኝ።»

ሰላምታውና «ያው» ይወጣሉ። «እንትን» የቆመበት ነገር ወዲያው ስለተነገረ እሱም ይወጣል። «ማለቴ» ግን ማረሚያ ነው፤ ስለዚህ ሰኞ ተሰርዞ ማክሰኞ ይቀራል። «መሰለኝ» የሚያሳየው አክስቴ ስለ እብጠቱ እርግጠኛ አለመሆናቸውን ነው። እሱን አውጥቶ «እግሬ አብጧል» ብሎ መጻፍ ያላሉትን ማስባል ነው። ማታ ሦስት ሰዓት ደግሞ በፈረንጅ ሰዓት 9 ሆኖ መግባት አለበት፤ ቃል በቃል ከተተረጎመ ሐኪሙ 3 ሰዓት ብሎ ይይዘዋል።

አደገኛው ቦታ «እኔ ግን…» ነው። መድኃኒቱን አቆሙ ወይስ ቀጠሉ? ዓረፍተ ነገሩን በግምት መጨረስ ቀላል ነው፤ ሐኪሙ ግን የሚወስነው በዚያ መልስ ላይ ተመሥርቶ ነው። ስለዚህ እንደ ማመልከቻ ጸሐፊው መጠየቅ፣ ማለትም መደወል ያስፈልጋል። «ኧረ አላቆምኩም» ካሉ መልእክቱ በእንግሊዝኛ የሚይዘው ይህን ነው፦

«የደም ግፊት መድኃኒቱን ማክሰኞ ጀምሬ ማታ በ9 ሰዓት እወስዳለሁ። ጠዋት ስነሳ ያዞረኛል። እግሬም ያበጠ ይመስለኛል። መድኃኒቱን አላቋረጥኩም። ምን ላድርግ?»

ከመላክዎ በፊት እንግሊዝኛውን መልሰው በአማርኛ ያንብቡላቸው። ነገሩ ከበድ ካለ ደግሞ ሐኪም ቤቱን አስተርጓሚ ይጠይቁ፤ አሜሪካ ውስጥ የፌዴራል ገንዘብ የሚያገኙ የሕክምና ተቋማት በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው።