አጎቴ ስለ መኪና ለልጁ የጻፈው



አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ የሚኖረው አጎቴ ታክሲ ነጂ ነው። ልጁ ዘንድሮ በነርስነት ትመረቃለች፤ ሥራም አግኝታለች፤ ከግብር በኋላ በወር 3,800 ዶላር እጇ ላይ ይደርሳል። አዲስ መኪና በብድር ልትገዛ ስትነሳ ደብዳቤ ጻፈላት። እሷም «ኢንጂነሪንግ ተማሪ ነህ፣ ሒሳቡን እይልኝ» ብላ ላከችልኝ። እዚህ የማነሳው አስፈቅጃት ነው።

«ልጄ፣» ይላል፣ «መኪናው 30,000 ዶላር ነው። በ8 በመቶ ወለድ ለ6 ዓመት ብትበደሪ በወር 526 ዶላር ትከፍያለሽ። የሪባን ነገር አንቺም ታውቂዋለሽ፤ ሌላውን ልንገርሽ። ዕዳው እስኪያልቅ አበዳሪው ሙሉ ኢንሹራንስ እንድትገቢ ያስገድድሻል። ለአንቺ የጠሩት 210 ዶላር ነው። ቤንዚን ሳትቀጂ 736 ዶላር ሄደ ማለት ነው።»

ሒሳቡን ሠራሁት፤ ልክ ነው። በ6 ዓመት 37,872 ዶላር ትከፍላለች፤ ከዚህ 7,872ቱ ወለድ ነው፤ ከሁለት ወር ደመወዟ ይበልጣል።

የእሱ ምክር እቤት ሆና ለ8 ወር 750 ዶላር እንድታስቀምጥ ነው። 6,000 ይሆናል፤ 5,000 እሱ ያለ ወለድ ያበድራታል። በ11,000 ዶላር ያገለገለ ኮሮላ ትገዛለች። መኪናው የራሷ ስለሆነ ኢንሹራንሱን ወደ ሦስተኛ ወገን ዝቅ ማድረግ ትችላለች። «ግን በራስሽ ጥፋት ብትጋጪ መኪናሽን የሚተካልሽ የለም። ስለዚህ ብታጪው ወገብሽን የማይሰብረውን ዋጋ ብቻ ክፈይ» ይላታል። ከደብዳቤው ሁሉ ይህችን ወደድኳት፤ የዋጋውን ጣሪያ የሚወስነው ደመወዙ ብቻ አይደለም። (እኛ አገር አሮጌ መኪናም እንዲህ ስለማይረክስ ሒሳቡን እንዳለ ማምጣት አይቻልም።)

ስለ ግዢው ቀን ሲጽፍ የታክሲ ነጂነቱ ይወጣል። «ሻጩ ሞተሩን አሙቆ ከጠበቀሽ ሌላ ቀን ተመለሺ። ኮፈኑን በእጅሽ ዳብሺ፤ ቀዝቃዛ መሆን አለበት። ስታስነሺው ሰማያዊ ጭስ ካየሽ ዘይት ያቃጥላል። ነጭ ጭስ በብርድ ጠዋት ቶሎ ከጠፋ እንፋሎት ነው፤ ሞተሩ ሞቆም ካልጠፋ ውኃ እየገባ ይሆናል። የዘይቱን ክዳን ክፈቺ፤ ወተት የገባበት ቡና ከመሰለ ተጠራጠሪ። ከዚያ ሻጩ ወደማያውቀው ጋራዥ ውሰጂው። እምቢ ካለሽ መልስ አግኝተሻል።»

እኔ አንድ ነገር ብቻ ጨመርኩ፦ ሞዴሉ ከ2012 በታች አይሁን። መኪና ሲንሸራተት ጎማዎቹን ለየብቻ በፍሬን እየያዘ መስመር የሚያስጠብቀው ሥርዓት አሜሪካ ውስጥ በአዲስ መኪኖች ሁሉ ላይ ግዴታ የሆነው ከዚያ ሞዴል ጀምሮ ነው። አዲሱ መኪና ለደኅንነት ይሻላል ብላ የተከራከረችው ከንቱ አልነበረም፤ ግን ለዚህ 30,000 አያስፈልግም።

ለአባቷ የመለሰችለት አንድ ጥያቄ ነው፦ «በ8ቱ ወር የሌሊት ተራ ሲደርሰኝ ማን ያደርሰኛል?» በታክሲው ሊያደርሳት ተስማምቷል፤ ሒሳቡን እንደማያስከፍላት በጽሑፍ እንዲያረጋግጥላት ጠይቃዋለች።