ብረቱ ለምን ቀጥ ብሎ አይወጣም?

ቤንች ፕሬስን ያህል ቀላል የሚመስል የጂም እንቅስቃሴ ብዙ የለም። አግዳሚው ላይ በጀርባ ይተኛሉ፣ ብረቱን ወደ ደረት ያወርዳሉ፣ መልሰው ወደ ላይ ይገፋሉ። ይኸው ነው። ነገር ግን በደንብ የሚገፋ ሰው ሲሠራ በጎን በኩል ቆማችሁ የብረቱን ጫፍ በዓይናችሁ ብትከተሉት፣ መንገዱ ቀጥ ያለ እንዳልሆነ ታያላችሁ። ከትከሻ በላይ ተነሥቶ ወደ ታችኛው የደረት ክፍል እያጋደለ ይወርዳል፤ ሲመለስም ወደ ራስ እየተጠጋ ወጥቶ እንደገና ትከሻው ትይዩ ላይ ይቆማል። የሚሠራው ቅርጽ ለስለስ ያለ ቅስት ነው።

ይህ ቅስት ለብዙ ዓመታት ብረት ለገፋሁት ለእኔ የለመድኩት ነገር ነበር። የፊዚክስ መምህር ብሆንም ለሰው ቁጭ ብዬ ያስረዳሁት ግን የአሥራ ሰባት ዓመቱ ልጄ ትከሻውን ማመም ሲጀምረው ነው። ጂም ከገባ አራት ወሩ ነበር። ሕመሙ ከትከሻው በፊት በኩል ነው፤ ቦርሳውን ሲያነሣና ጃኬት ሲለብስ ይወጋዋል። እናቱ «ብረቱን ተወው» አለችው። እሱ ደግሞ መተው አልፈለገም፤ እንዲያውም ሕመሙን መደበቅ ጀምሮ ነበር። ያሳሰበኝ ይኸኛው ነው። ስለዚህ አብሬው ሄጄ ሲሠራ በስልኬ ቀረጽኩት፤ አንዴ ከጎኑ፣ አንዴ ከእግሩ በኩል።

ቪዲዮው ላይ የታየው ግልጽ ነበር። ብረቱ የሚወርደው አንገቱ ሥር ሊደርስ ምንም ሳይቀረው ነው፤ ክርኖቹም ልክ እንደ መስቀል ወደ ግራና ቀኝ ተዘርግተዋል። «ማነው እንዲህ ያሳየህ?» አልኩት።

«አሠልጣኙ ነው፣ አባዬ። ክርንህን በደንብ ስትከፍተው ደረትህ ይሠራል ብሎኛል።»

አሠልጣኙ ያለው ነገር ውሸት አይደለም። ግማሽ እውነት ነው፤ የቀረውን ግማሽ ለመረዳት ደግሞ ሃያ ሊትር ውኃ የያዘ ጀሪካን ማሰብ ይበቃል። ጀሪካኑን ከጎናችሁ አስጠግታችሁ ስትይዙት ትሸከሙታላችሁ። ያንኑ ጀሪካን እጃችሁን ወደ ፊት ዘርግታችሁ ያዙት ብትባሉ ግን አፍታም አትቆዩም። ክብደቱ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ከትከሻችሁ ያለው አግድም ርቀት ነው። መገጣጠሚያ ላይ የሚያርፈው ጫና ክብደቱ በዚያ ርቀት ሲባዛ የሚገኘው ነው።

ቤንች ላይ የተኛ ሰውም እንዲሁ ነው። ብረቱ ከላይ እጅ ተዘርግቶ ሲያዝ በቀጥታ ከትከሻ መገጣጠሚያ በላይ ከሆነ፣ ከጎን ሲታይ ርቀቱ ዜሮ ነው፤ አጥንት በአጥንት ላይ ቆሞ ይሸከመዋል። ስለዚህ የላይኛው ጫፍ ቦታ የተወሰነ ነው፤ ትከሻ ትይዩ። ታዲያ ከዚያው ቀጥ አድርጎ ማውረድ ለምን አይሻልም? ልጄ ያደርገው የነበረው ይህንኑ ነው። ችግሩ ግን ብረቱ ቀጥ ብሎ እንዲወርድ ክርኖቹ ሙሉ በሙሉ ወደ ጎን መከፈት አለባቸው። በዚያ አኳኋን ክንድ በክብደት ወደ ታች ሲጫን፣ በክንድ አጥንት ራስና ከላዩ ባለው የትከሻ አጥንት መካከል የሚያልፉት ጅማቶች ቦታ ይጠባቸዋል፤ የትከሻው የፊት ክፍልም ከመጠን በላይ ይወጠራል። ይህ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በየቀኑ በደርዘኖች ጊዜ ሲደጋገም ቦርሳ ሲያነሡ የሚወጋ ሕመም ሆኖ ይመጣል።

ለዚህ ነው ክርን ወደ ጎድን ጠጋ የሚደረገው። ክርን ሲጠጋ ደግሞ ብረቱ የሚያርፍበት ቦታ ከአንገት ርቆ ወደ ታችኛው ደረት ይወርዳል። እንግዲህ መነሻው ታችኛው ደረት፣ መድረሻው ትከሻ ትይዩ ከሆነ፣ መንገዱ ቀጥ ሊል አይችልም። ቅስቱ የመጣው ከዚህ ነው።

ይህን ለልጄ በቁጥር ላሳየው ስለፈለግኩ የልብስ ሰፊ ሜትር አመጣሁ። ከትከሻው መገጣጠሚያ እስከ ክርኑ 30 ሴንቲ ሜትር ሆነ። ብረቱ ዝቅ ብሎ የላይኛው ክንዱ ከወለሉ ጋር አግድም ሲሆን፣ ከእጁ እስከ ክርኑ ያለው ክፍል ደግሞ እንደ ምሰሶ ቀጥ ብሎ ሲቆም እናስብ። ክርኑ ሙሉ በሙሉ ከተከፈተ፣ ማለትም ከጎኑ በ90 ዲግሪ ከራቀ፣ ክርኑ ከትከሻው ወደ ጎን 30 ሴንቲ ሜትር ይርቃል፤ ወደ እግር አቅጣጫ ግን ምንም አይርቅም። በ45 ዲግሪ ሲሆን ወደ ጎን 21፣ ወደ እግርም 21 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ወደ ጎድኑ ተጣብቆ 20 ዲግሪ ብቻ ሲቀረው ወደ ጎን 10፣ ወደ እግር 28 ይሆናል።

ወደ ጎን ያለውን ርቀት በዋናነት የሚሸከመው ሰፊው የደረት ጡንቻ ነው፤ ሥራው የተከፈተ ክንድን ወደ መሃል መሰብሰብ ነውና። ወደ እግር ያለውን ርቀት የሚሸከሙት ደግሞ የትከሻ የፊት ጡንቻና የደረት የላይኛው ክፍል ናቸው። አሠልጣኙ «ክርን ሲከፈት ደረት ይሠራል» ያለው ከዚህ አንጻር ትክክል ነው። ነገር ግን ከ90 ወደ 45 ስንመጣ የደረቱ ድርሻ ከ30 ወደ 21 ነው የወረደው፤ አልጠፋም። ለዚያ ቅናሽ የሚገኘው ትርፍ ጅማት የማይፈተግበት ትከሻ ነው።

ትራይሴፕስስ የት ገባ? ከክንድ በስተኋላ ያለው ይህ ጡንቻ ዋና ሥራው ክርንን መዘርጋት ስለሆነ፣ እሱን የሚመለከተው እጅ ከክርን አንጻር የት እንዳለ ነው። እጅ ልክ ከክርን በላይ ቀጥ ብሎ ከቆመ ክብደቱ ክርንን ለማጠፍም ለመዘርጋትም አይሞክርም፤ ትራይሴፕስ በዚያች ቅጽበት ብዙ አይጨነቅም። እጅ ከክርን ወደ ውስጥ፣ ወይም ወደ ራስ በኩል ካለፈ ግን ክብደቱ ክርንን ሊያጥፍ ይታገላል፤ ያን የሚከለክለው ትራይሴፕስ ብቻ ነው። ብረቱን በጠባቡ የያዘ ሰው በሚገፋበት ጊዜ ክርኖቹ ከእጆቹ ውጪ ስለሚሆኑ ነው ሥራው ወደ ክንዱ የኋላ ክፍል የሚሄደው።

ልጄ ይህንንም በራሱ አይቶታል። ትከሻው ሲያመው አንድ ጓደኛው «ክርንህን ከጎድንህ ጋር አጣብቀው» ብሎት ለሁለት ሳምንት እጁን አጥብቦ፣ ክርኑን አጣብቆ ሠርቶ ነበር። ቀድሞ ስምንት ጊዜ ይገፋው የነበረውን 50 ኪሎ አራት ጊዜ መግፋት አቃተው፤ በማግስቱ የሚያመው ክንዱ ከኋላ ሆነ፤ ደረቱ ምንም አልተሰማውም። «ደረቴ ሰነፈ» ይለኝ ነበር። ደረቱ አልሰነፈም። የደረቱ ርቀት ከ30 ወደ 10 ሲወርድ ሥራው ለትከሻው ፊትና ለትራይሴፕስ ተላለፈ። ትራይሴፕሱን ማሳደግ ለሚፈልግ ሰው ይህ ጥሩ ልምምድ ነው፤ ክብደቱን ግን መቀነስ አለበት።

ስለዚህ ያስተካከልነው ከእጁ አያያዝ ጀምረን ነው። በሁለቱ የትከሻ መገጣጠሚያዎቹ መካከል 34 ሴንቲ ሜትር አለ። ክርኖቹ በ45 ዲግሪ እያንዳንዳቸው 21 ወደ ጎን ስለሚወጡ፣ እጆቹ ከክርኖቹ በላይ እንዲቆሙ በመካከላቸው 76 ሴንቲ ሜትር መሆን አለበት። በውድድር ብረት ላይ የተቀረጹት ሁለት ቀለበቶች በ81 ሴንቲ ሜትር ስለሚራራቁ፣ ጠቋሚ ጣቶቹ ከየቀለበቱ ሁለት ጣት ያህል ወደ ውስጥ ገቡ። ከዚያ 20 ኪሎ የሚመዝነውን ባዶ ብረት ብቻ ይዞ ቀስ ብሎ አወረደ። የታችኛው ክንዱ ከጎንም ከእግር በኩልም ሲታይ ቀጥ ብሎ የቆመው፣ ብረቱ ከጡት ጫፍ ጥቂት ዝቅ ብሎ ሲነካ ነው። ያ ቦታ የእሱ ቦታ ሆነ።

የቀረው ወደ ላይ የሚመለስበት መንገድ ነበር። ታች ላይ ብረቱ ከትከሻው 21 ሴንቲ ሜትር ርቋል። ቀጥ አድርጎ ወደ ላይ ብቻ ከገፋው ያ ርቀት እንዳለ አብሮት ይወጣል፤ ከደረት አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ሲል፣ ጡንቻ አቅም በሚያጣበት ቦታ ላይ፣ ብረቱ ይቆማል። ከደረቱ እንደለቀቀ ወደ ላይም ወደ ራሱም ከገፋው ግን ርቀቱ ቶሎ ይቀንሳል። ማድሰንና ማክላፍሊን የተባሉ ተመራማሪዎች በ1984 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ልምድ ያላቸውን ገፊዎች ከጀማሪዎች ጋር ሲያነጻጽሩ ካገኟቸው ልዩነቶች አንዱ ይኸው ነበር፤ የበቁት ብረቱን ለትከሻቸው ቀረብ አድርገው ነው የሚገፉት። ክርኖቹም በዚህ ጊዜ ከብረቱ ሥር ለመቆየት በራሳቸው ትንሽ ከፈት ይላሉ፤ ያ ስሕተት አይደለም። ስሕተት የሚሆነው ክርን ወደ ኋላ ቀርቶ ብረቱ ብቻውን ወደ ፊት ሲሄድብን ነው። ያኔ ትራይሴፕስ ብቻውን ይቀራል፤ ብረቱም ፊት ላይ ሊወድቅ ይችላል። አጠገብ የሚይዝ ሰው ሳይኖር ከባድ ብረት የማይገፋው ለዚህ ነው።

በ30 ኪሎ ጀመረ። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ጃኬቱን ያለ ሕመም መልበስ ቻለ፤ በሁለት ወሩ ወደ 50 ኪሎው ተመለሰ። እናቱ አሁንም በሩ ላይ «ትከሻህስ?» ትለዋለች፤ እሱም አይደብቃትም። ሕመሙ ክብደት ቀንሶም አቋም አስተካክሎም ካልተወው፣ ወይም ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅሰው ቢሆን ኖሮ የምንሄደው ወደ ሐኪም ነበር፤ የክርን ማዕዘን የተጎዳ ጅማትን አይጠግንም።

45 የሚለውን ቁጥር ግን እንዳለ ወስዳችሁ ለልጃችሁ አትስጡት። ክንዱ የረዘመ፣ ደረቱ የሰፋ ሰው 60 ዲግሪ ሊመቸው ይችላል፤ የሚይዝበት ቦታና ብረቱ የሚነካበት ነጥብም አብሮ ይለወጣል። የማይለወጠው መመዘኛ አንድ ነው። ብረቱ ደረት ሲነካ ከጎንም ከእግር በኩልም ተመልከቱ፤ ከእጅ አንጓ እስከ ክርን ያለው ክንድ ቀጥ ብሎ መቆም አለበት። እሱ ከቆመ ብረቱ መንገዱን ያገኛል።