ሳቲን የሚባል ክር የለም

ወዳጆቼ፣ የዛሬው ጽሑፌ ረዘም ይላል፤ ሻይ ይዛችሁ ቁጭ በሉ። ታናሽ እህቴ ጥር ላይ ልታገባ ነው። ቬሎው ኪራይ ስለሆነ ብዙም አላነጋገረንም። ያነጋገረን የመልሱ ሀበሻ ቀሚስና የሦስቱ ሚዜዎች ልብስ ነው። ሦስት ቅዳሜ በተከታታይ ከእሷና ከእማዬ ጋር ሽሮ ሜዳ ወጥተናል። «ቲቸር፣ አንተ ደሞ ስለ ጨርቅ ምን ታውቃለህ?» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ስለ ፋሽን እውነትም አላውቅም። ስለ ክር ግን ኬሚስትሪ አስተማሪ ትንሽ ሊል ይችላል።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንለይ። በየሱቁ «ይሄ ከምንድነው የተሠራው?» ብላችሁ ስትጠይቁ «ሳቲን ነው» ይሏችኋል። መልስ ይመስላል፣ ግን አይደለም። ጥጥ ተክል ላይ ይበቅላል፣ ሐር ከትል ይገኛል፣ ፖሊስተር ከነዳጅ ውጤቶች የሚሠራ ፕላስቲክ ነው። ሳቲን ግን የክር ስም አይደለም፤ የሽመና ዓይነት ነው። ተራ ሽመና ላይ ማጉ አንዱን ድር በላይ፣ ቀጣዩን በታች እያለ ይሄዳል። ሳቲን ላይ ግን አንዱ ክር አራት ክሮችን ከላይ ተሻግሮ አምስተኛው ጋ ብቻ ወደ ታች ይገባል (ከአራት በላይ የሚሻገርም አለ)። ስለዚህ ፊቱ ላይ የሚታየው ረጃጅም የተኛ ክር ነው። ብርሃን እሱ ላይ አርፎ በአንድ አቅጣጫ ስለሚመለስ ያብረቀርቃል። ገልብጣችሁ ብታዩት ጀርባው ፈዛዛ ነው። መታጠፊያው ጥቂት ስለሆነም እንደ ውሃ ይወርዳል። ያው የተኛው ክር ግን በቀለበት፣ በአምባር፣ በጥፍር ቶሎ ይመዘዛል። ይኼ ሁሉ ሽመናው ያመጣው ነው። ያልባል ወይስ አያልብም፣ ውድ ነው ወይስ ርካሽ፣ እሳት ሲነካው ምን ይሆናል የሚለውን የሚወስነው ክሩ ነው። የሐር ሳቲን አለ፣ የፖሊስተር ሳቲን አለ፣ የጥጥም አለ። ገበያችን ላይ «ሳቲን» ተብሎ የሚሸጠው ግን አብዛኛው ፖሊስተር ነው።

ታዲያ በምን ይለያል? በእሳት። ሱቅ ውስጥ እንዳትሞክሩት አደራ፣ ያ ሁሉ ጨርቅ ተሰቅሎ! ከተቆረጠው ጠርዝ ሁለት ሦስት ክር ለምኑና ቤት ውሰዱት። ውሃ ያለበት ሳህን አስቀምጡ፣ ክሩን በጉጠት ያዙና ቀስ አድርጋችሁ ወደ ክብሪቱ አስጠጉት። ጥጥ እንደ ወረቀት ይነዳል፣ ሽታውም የተቃጠለ ወረቀት ነው፣ የሚቀረው በጣት ሲነካ የሚበን ግራጫ አመድ ነው። ሐር ፕሮቲን ስለሆነ እንደ ፀጉር ይሸታል፤ ቀስ ብሎ ይነዳል፣ እሳቱ ሲርቅ ብዙ ጊዜ ራሱ ይጠፋል፣ የቀረችው ጥቁር ነገር በጣት ስትጨመቅ ትፈርሳለች። ፖሊስተር ገና እሳቱ ሳይነካው ይሸሻል፣ ይጨማደዳል፣ ከዚያ ይቀልጣል፤ ሲቀዘቅዝ በጥፍር የማይሰበር ጠንካራ ጠብታ ይሆናል።

ይህ ሙከራ ሁሉን አይነግራችሁም። ቪስኮስ የሚባለው ክር ከእንጨት ሴሉሎስ ስለሚሠራ ልክ እንደ ጥጥ ይነዳል፣ በእሳት አትለዩትም። እሱን ውሃ ያጋልጠዋል፦ ጥጥ ሲርስ ይጠነክራል፣ ቪስኮስ ሲርስ ይደክማል፣ ትንሽ ስትስቡት ይበጠሳል። ሌላው፣ ድሩንና ማጉን ለየብቻ ሞክሩ። እኛ «ንጹህ ጥጥ» ተብሎ ከተሰጠን ጨርቅ ማጉ እንደ ወረቀት ነደደ፣ ድሩ ቀልጦ ጠብታ ሆነ። «ሐር» የተባለው ደግሞ ሙሉ በሙሉ ቀለጠ። እህቴ በጣም ስለወደደችው «ምናለ ባልሞከርከው» አለችኝ።

ስለ ሐር ካነሳን፣ ያገራችን ሐር እንደምናስበው አያብረቀርቅም። እዚህ የጉሎ ቅጠል እየበላ የሚያድግ ኤሪ የሚባል የሐር ትል ይረባል። የዚህ ትል ቅርፊት አንድ ጫፉ ክፍት ስለሆነ፣ እንደ ቻይናው ሐር ረጅም አንድ ክር ሆኖ አይተረተርም፤ እንደ ጥጥ በእንዝርት መፈተል አለበት። የተፈተለ ክር ደግሞ ብርሃኑን ይበታትነዋል። ስለዚህ ጨርቁ ድምቀቱ ለስላሳ፣ ሲነኩት ሞቅ ያለ፣ ከሩቅ ሲያዩት ጥሩ ፈትል የሚመስል ነው። «ያገር ውስጥ ሐር ነው» ብሎ እንደ መስታወት የሚያብለጨልጭ ነገር የሚያሳያችሁን ሰው ጠርጥሩት። እማዬ እውነተኛውን በእጇ ይዛ «ለዚህ ነው ይሄን ያህል የሚጠይቀኝ?» ብላ መለሰችው። ለእሷ ሐር ማለት የሚያብለጨልጭ ነው፤ ላስረዳት ብሞክርም አልሰማችኝም።

ወደ ምቾት ልምጣ፣ ምክንያቱም ሠርጉ አዳማ ነው። ጥር ቢሆንም ቀኑ ሞቃት ነው፣ ሙሽራ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ቆማ፣ ጨፍራ፣ ፎቶ ተነስታ ነው የምትውለው። መደበኛ አየር ላይ ጥጥ ከክብደቱ 8 ከመቶ ገደማ እርጥበት ይይዛል፣ ሐር 11 ከመቶ ገደማ፣ ፖሊስተር ግን ግማሽ ከመቶ እንኳ አይሞላም። ላባችሁ ጥጥና ሐር ውስጥ ይገባል፤ ፖሊስተር ላይ ግን ቆዳና ጨርቅ መሀል ይቀራል። ይህ እንግዲህ ለሁሉም ግልጽ ነው። ሰው የሚረሳው ገበሩን ነው።

ብዙ ሰው ውድ የእጅ ሽመና ጥጥ ይገዛና፣ ጨርቁ ስለሚያሳይ ልብስ ሰፊው ከውስጥ የፖሊስተር ሳቲን ገበር ያደርግበታል። ቆዳዋን የሚነካው እንግዲህ የትኛው ነው? በሺዎች የከፈልንበት ጥጥ ውጭ ቀርቶ ፕላስቲኩ ውስጥ ገባ። በዚያ ላይ ጥር ደረቅ ወር ነው። ፖሊስተር እርጥበት ስለሌለው በፍትጊያ የሚፈጠረው የኤሌክትሪክ ሙል መውጫ ያጣል፣ ገበሩ እግር ላይ ይጣበቃል። ሙሽሮች በየአምስት እርምጃው ቀሚሳቸውን ከጭናቸው ሲያላቅቁ ያያችሁት ለዚህ ነው። የ9ኛ ክፍል ተማሪዎቼ በፊኛና በፀጉር የሠሩት ሙከራ ራሱ ነው።

እኛ ለገበሩ ሳሳ ያለ ነጭ የጥጥ ጨርቅ፣ ስፋቱ ሜትር ከሃምሳ የሆነ፣ ሁለት ሜትር ተኩል ገዛን፤ ለአንድ ሙሉ ቀሚስ በቃን። ልብስ ሰፊው አልወደደውም። «ጥጥ በጥጥ ላይ ይያያዛል፣ አይወርድም» አለ። እውነቱን ነው፣ ሳቲን ገበር የሚደረገው ቀሚሱ እንዲንሸራተት ነው። መፍትሔው የሱው ነበር፦ ከወገብ በላይና እጅጌው ላይ፣ ላብ ባለበት፣ ጥጥ፤ ከወገብ በታች ቪስኮስ ገበር። ቪስኮስ ይንሸራተታል፣ እርጥበትም ከጥጥ በላይ ይይዛል፣ ስለዚህ እግር ላይ አይጣበቅም። ብቻ ሲታጠብ በጥንቃቄ ነው።

አወራረዱንስ? የሸማ ጨርቅ ሱቅ ላይ እንዳያችሁት አይቀርም። ሸማኔው ድሩ እንዳይበጠስ የዱቄት ሙቅ የመሰለ ነገር ስለሚቀባው፣ አዲሱ ጨርቅ ደርቆ ይቆማል። ሲታጠብ ይለቃል፣ ይለሰልሳል፣ ያኔ ነው እውነተኛ አወራረዱን የምታዩት። እማዬ ጠርዙን በሁለት መዳፏ ትንሽ ታሸውና ቡጢዋ ላይ ትጥለዋለች። ዙሪያውን ታጥፎ ወደ ታች ከወረደ ትወስደዋለች፣ እንደ ጃንጥላ ከቆመ ትመልሰዋለች። ከፋብሪካ ክር የተሸመነው መነን ቀጠን ብሎ ይወርዳል፤ በእጅ የተፈተለው ፈትል ወፈር ይላል፣ ግን በክብደቱ ይወርዳል። ሽፎን የሚሉት ፖሊስተር ከሁሉም ይበልጥ ይንሳፈፋል፣ ፎቶ ላይም ያምራል። ይህን አልክድም።

አንድ መጥፎ ነገር ልጠቁማችሁ። ጥጥ መጀመሪያ ሲታጠብ ይሰበሰባል። ጥለቱ የተሠራበት የሚያብረቀርቅ ክር ሰው ሠራሽ ከሆነ ግን አይሰበሰብም። ከአንድ እጥበት በኋላ ጥለቱ ጫፉ ላይ እየተኮማተረ፣ እንደ ሞገድ የሚሆነው ለዚህ ነው። ሰውም ሸማኔውን ይረግማል። የእህቴን ጨርቅ ሳይሰፋ በፊት ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አሳድረን፣ ሳንጨምቅ ጥላ ላይ አደረቅነው። በቁመቱ አራት ጣት ያህል አጠረ። ከተሰፋ በኋላ ቢሆን ኖሮ አራት ጣት ከቁርጭምጭሚት በላይ ማለት ነው! ጥለቱ ባለ ቀለም ከሆነ ግን መጀመሪያ ጫፉን በእርጥብ ነጭ ጨርቅ እሹት፤ ቀለም ከለቀቀ አትዘፍዝፉት።

ዋጋ በብር ብጽፍላችሁ ወር ሳይሞላው ይቀየራል፤ በእጥፍ ልንገራችሁ። እኛ በጠየቅንበት ሳምንት የሽፎን ቀሚስ አንድ ቢሆን፣ መነን ከጥለቱ ጋር ሦስት፣ በእጅ የተፈተለው አምስት ገደማ፣ እውነተኛው ሐር ከአስር በላይ ነበር። ልብ በሉ፣ ዋጋውን የሚያንረው ብዙ ጊዜ ጨርቁ ሳይሆን ጥለቱ ነው። አንድ ስንዝር ጥለት ሸማኔውን ቀናት ያስቀምጠዋል። እህቴ ሁለት ስንዝር ፈልጋ ነበር። ወደ አንድ ስንዝር ስትወርድ በተረፈው ብር ከመነን ወደ ፈትል ከፍ አለች።

ለሚዜዎቹ ግን ፖሊስተር ሳቲን ነው የያዝነው፣ አልዋሻችሁም። አንድ ቀን ይለብሱታል፣ አይጨማደድም፣ ከአዲስ አበባ አዳማ ድረስ በሻንጣ ይሄዳል፣ ሦስቱም ገንዘብ አዋጥተው ነው የሚያሰፉት። ውስጡ የጥጥ ካናቴራ እንዲለብሱ ነግሬያቸዋለሁ። ሌላም ነገር፦ ቡና የሚፈላበት ከሰል አጠገብ እንዳይቀመጡ። ጥጥ ላይ ፍንጣሪ ሲያርፍ በእጅ መታ አድርጋችሁ ታጠፉታላችሁ፤ ፖሊስተር ግን ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃል። ደመራ ላይ፣ ጧፍ በሚበራበት በዓል ላይ ልጆቻችሁን የሚያብለጨልጭ ቀሚስ የምታለብሱ ወላጆችም ይህን አስቡበት። ጥጥም በደንብ ይነዳል፣ እሳት የማይነካው እንዳይመስላችሁ።

አሁን የቀረን የእማዬ ነጠላ ነው። እሷ «ማጉ በእጅ ያልተፈተለ አልለብስም» ብላለች፤ ያገኘነው ሁሉ ደግሞ ማጉ የፋብሪካ ነው። በእጇ የምትፈትል እናት የምታውቁ ካላችሁ ከታች ጻፉልኝ። ሠርጉ ጥር 17 ነው፣ ሸማኔውም ጊዜ ይፈልጋል።